15 ከ18 የሚበልጥበት ጊዜ አለ

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጅማ፣ ሕርማታ አካባቢ ነው። ቡና ቆልቼና አስፈጭቼ፣ በላስቲክ አሽጌ ለሱቆች አስረክባለሁ። አሁን የራሴን መፍጫ ማሽን ለመግዛት ብድር እየጠየቅኩ ነው። አንዱ ቦታ 15 ፐርሰንት አሉኝ፣ ሌላው ጋ 18። ባንክ ደግሞ ለእናቴ ብዬ ያስቀመጥኩት ብር አለ፤ እሱ 7 ፐርሰንት ይወልዳል። ብድሩ በጠቅላላ ስንት ያስከፍለኛል? 15ቱን ልውሰድ አይደል? ወይስ የእናቴን ቁጠባ ላውጣው? እስከ ሐሙስ አሳውቂን ስላሉኝ ቶሎ ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል።»
የሕርማታዋ

እህቴ፣ እስከ ሐሙስ ምንም ወረቀት ላይ እንዳትፈርሚ። 15 ከ18 ያነሰ ቁጥር ነው። ያነሰ ዕዳ መሆኑን ግን ከደብዳቤሽ ማወቅ አልቻልኩም። ስንት ብር እንደምትበደሪ አልነገርሽኝም። በስንት ወር እንደምትመልሺም የለም። 15ቱና 18ቱ የዓመት ይሁኑ የወር አልጻፍሽም። ወለዱ በምን ላይ እንደሚሰላ ደግሞ ምናልባት እነሱም አልነገሩሽም። እነዚህ ሳይታወቁ «ይህን ያህል ትከፍያለሽ» የሚልሽ ሰው ካለ፣ የጎደለውን ከራሱ ሞልቶ ነው።

እኔ አንድ ጊዜ እንዲህ ሞልቼ ዘመዴን ጎድቻለሁ። የአክስቴ ልጅ ከአጋሮ ደወለልኝ። «10 ሺህ ብር በመቶ አስር ልበደር ነው። በስድስት ወር እመልሳለሁ። ወለዱ ስንት ይመጣል?» አለኝ። መንገድ ላይ ነበርኩ። በዓመት መሰለኝና «ግማሽ ዓመት ስለሆነ 500 ብር ነው፣ ውሰደው» አልኩት። ግለሰብ አበዳሪ ጋ ግን «በመቶ አስር» ማለት በየወሩ ነው። በስድስተኛው ወር የተጠየቀው ወለድ 7 ሺህ 716 ብር ሆነ። ያስቀመጠውን ጀንፈል ዋጋው ሳይደርስ ሸጦ ከፈለ።

ይህ 7 ሺህ 716 ከየት መጣ? በወር 1 ሺህ ብር ወለድ ቢታሰብ ለስድስት ወር 6 ሺህ ነው። ይህ ነጠላ ወለድ ይባላል። ዋናው 10 ሺህ ሳይነካ፣ በየወሩ ያንኑ 1 ሺህ ይወልዳል። አበዳሪው ግን ያልተከፈለውን ወለድ በየወሩ ዋናው ላይ ይደምረው ነበር። በሁለተኛው ወር የሚወልደው 11 ሺህ ሆነ፣ በሦስተኛው 12 ሺህ 100፣ እንዲህ እያለ ቀጠለ። ይህ ድርብ ወለድ ነው፤ ወለዱ ራሱ መልሶ ይወልዳል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በግለሰቦች መካከል ለሚደረግ ብድር የወለዱን ጣሪያ በዓመት 12 ከመቶ አድርጎታል። እኛ ይህን ያነሳነው ከተከፈለ በኋላ ነው። ያን ቀን ስልኩ ላይ «የወር ነው የዓመት?» ብዬ ብጠይቅ ኖሮ ሁሉም ይቀር ነበር። ስለዚህ አንቺንም መጀመሪያ የምጠይቅሽ ይህንኑ ነው። 15ቱም 18ቱም የዓመት መሆናቸውን ከአፋቸው ስሚ፣ ወረቀቱ ላይም እዪው።

የዓመት ናቸው እንበል። መጠኑን ስላልነገርሽኝ 120 ሺህ ብር፣ መክፈያውን ደግሞ 12 ወር ላድርገው። ይህን የመረጥኩት ዋናው በወር 10 ሺህ ብር ስለሚሆንና በጣት እንኳ ለመቁጠር ስለሚቀል ነው። ያንቺን ቁጥር ስታገኚ በቦታው ታስገቢያለሽ።

አንዳንድ አበዳሪ ወለዱን የሚያሰላው መጀመሪያ በወሰድሽው ሙሉ ገንዘብ ላይ ነው። የብድር ሠራተኞች «ፍላት» ይሉታል። 120 ሺህ በ15 ከመቶ ለአንድ ዓመት 18 ሺህ ብር ይወልዳል። ይህ ለ12 ወር ሲካፈል በወር 1 ሺህ 500 ነው። ከዋናው 10 ሺህ ጋር በየወሩ 11 ሺህ 500 ብር ትከፍያለሽ፤ በዓመቱ መጨረሻ በድምሩ 138 ሺህ። ሒሳቡ ቀላል ነው፣ ለመረዳትም አያስቸግርም። ግን አንድ ነገር አስተውይ። በአሥራ ሁለተኛው ወር እጅሽ ላይ የቀረው የእነሱ ገንዘብ 10 ሺህ ብር ብቻ ነው። ሌላውን መልሰሽላቸዋል። ወለዱ ግን አሁንም 1 ሺህ 500 ነው፤ ልክ 120 ሺሁ ሙሉ በሙሉ አንቺ ጋ እንዳለ ተቆጥሮ።

ሌላው አበዳሪ ወለዱን የሚያሰላው ገና ባልመለስሽው ዕዳ ላይ ነው። ይህንን «ዲክላይኒንግ» ይሉታል፤ በአማርኛ በቀሪ ዕዳ ላይ የሚሰላ ወለድ ማለት ነው። በዓመት 18 ከመቶ ለወር ሲመነዘር 1 ነጥብ 5 ከመቶ ይሆናል። በመጀመሪያው ወር ሙሉው 120 ሺህ አንቺ ጋ ስለነበረ ወለዱ 1 ሺህ 800 ብር ነው። 10 ሺሁን ከዋናው ስትመልሺ 110 ሺህ ይቀራል፣ የሁለተኛው ወር ወለድ ወደ 1 ሺህ 650 ይወርዳል። በሦስተኛው 1 ሺህ 500። እንዲህ በየወሩ 150 ብር እየቀነሰ ሄዶ የመጨረሻው ወር ወለድ 150 ብር ብቻ ይሆናል። የ12ቱን ወር ወለድ ብትደምሪው 11 ሺህ 700 ብር ነው።

እንግዲህ 15 የተባለው 18 ሺህ አስወለደ፣ 18 የተባለው 11 ሺህ 700። የ6 ሺህ 300 ብር ልዩነት ነው። መክፈያውን ሁለት ዓመት ብታደርጊው ልዩነቱ ይሰፋል፤ ፍላቱ 36 ሺህ ይወልዳል፣ ዲክላይኒንጉ 22 ሺህ 500። የፍላቱን 15 ከመቶ በቀሪ ዕዳ ቋንቋ ብንናገረው ኖሮ በዓመት ወደ 27 ከመቶ ገደማ ነበር የምንለው።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ ስለዚህ ረጋ ብዬ ልሂድ። በመጀመሪያው ወር ፍላቱ 11 ሺህ 500 ያስከፍላል፣ ዲክላይኒንጉ 11 ሺህ 800። በሁለተኛውም ወር ዲክላይኒንጉ ይበልጣል። እኩል የሚሆኑት በሦስተኛው ወር ነው። ከዚያ በኋላ ነው ዲክላይኒንጉ እየረከሰ የሚሄደው። «የመጀመሪያ ክፍያሽ ስንት ነው?» ብሎ ብቻ የሚያወዳድር ሰው የተወደደውን መርጦ ይወጣል።

ሁለቱም አንድ ዓይነት ስሌት የሚጠቀሙ ከሆነ ግን 15ቱ በእርግጥ ይረክሳል፤ ያኔ ግምትሽ ልክ ነው። የማልቀበለው ስሌቱ ሳይታወቅ መምረጥን ነው።

ታዲያ እንዴት ትለያለሽ? መስኮቱ ላይ ያለችውን ልጅ «ነጠላ ነው ድርብ?» ብለሽ ብትጠይቂያት «ነጠላ ነው» ልትልሽ ትችላለች፤ እውነቷንም ይሆናል። በየወሩ ሳታጓድዪ በምትከፍዪው ብድር ላይ ወለድ የሚወልድ ወለድ የለም፣ ወሩ ሳያልፍ ስለምትከፍዪው። ስለዚህ ይህ ጥያቄ ብቻውን አያድንሽም። «ወለዱ በመጀመሪያው ገንዘብ ላይ ነው ወይስ በቀሪው ዕዳ ላይ?» በያት። ቀጥለሽ የመክፈያ ሠንጠረዡን አትማ እንድትሰጥሽ ጠይቂ። ሠንጠረዡ ለእያንዳንዱ ወር ዋናውን፣ ወለዱንና ቀሪ ዕዳውን ለየብቻ ማሳየት አለበት።

ወረቀቱን ስትይዥ ዓይንሽ የወለዱ ዓምድ ላይ ይሁን። ከላይ እስከ ታች ያው አንድ ቁጥር ከሆነ ፍላት ነው። ወደ ታች እየቀነሰ ከሄደ በቀሪ ዕዳ ላይ ነው። የወሩን ጠቅላላ ክፍያ አይተሽ ግን እንዳትፈርጂ። በዲክላይኒንግም ቢሆን ብዙ አበዳሪዎች ወርኃዊ ክፍያውን እኩል ያደርጉታል። የእኛው 120 ሺህ በ18 ከመቶ እኩል ክፍያ ሲሠራለት በየወሩ 11 ሺህ 2 ብር ገደማ ይሆናል። ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ስለሆነ ፍላት ይመስላል። የወለዱን ዓምድ ስታዪ ግን በመጀመሪያው ወር 1 ሺህ 800፣ በሁለተኛው 1 ሺህ 662 እያለ ይወርዳል። በዓመቱ የሚከፈለው ወለድ 12 ሺህ ብር ገደማ ነው፤ ያኛው 11 ሺህ 700 ነበር። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከዋናው ትንሽ ትንሽ ስለምትመልሺ ነው እሷ ጭማሪ የመጣችው።

ሠንጠረዥ የለንም ካሉሽ በወረቀት ላይ በእጃቸው ይጻፉልሽ፦ በወር ስንት፣ ለስንት ወር። ሁለቱን አባዢና የምትቀበዪውን ብር ቀንሺ። የቀረው ዋጋው ነው፤ ፐርሰንቱ ምንም ይባል ምን።

«የምትቀበዪውን ብር» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ውሉ ላይ 120 ሺህ ተጽፎ እጅሽ ላይ የሚገባው ሊያንስ ይችላል። ለአገልግሎት 2 ከመቶ ቢቆረጥ 2 ሺህ 400 ብር ሄደ። ብድሩ ሳይለቀቅ 10 ከመቶ የግዴታ ቁጠባ ይቀመጥ ከተባለ ደግሞ 12 ሺህ። ማሽኑን ልትገዢ የወጣሽው በ105 ሺህ 600 ብር ነው፤ ወለዱ ግን የሚሰላው በ120 ሺህ ነው። የግዴታ ቁጠባው በኋላ ይመለስልሻል፣ የአገልግሎቱ አይመለስም። ስለዚህ ሁለቱንም ቦታ «ምን ምን ይቆረጣል?» ብለሽ ጠይቂ። ማሽኑ በትክክል 120 ሺህ የሚያወጣ ከሆነ የጎደለውን ከየት እንደምታመጪው ከወዲሁ እወቂው።

ሌላ አንድ ነገር፣ ላንቺ ሥራ ስለሚመች የሚያማልል ነው። «የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት አትክፈዪ» ይሉሽ ይሆናል፤ የእፎይታ ጊዜ ይባላል። የቡና ለቀማው ወቅት ላይ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ገንዘብሽን ሁሉ ቡና መግዣ ላይ የምታውዪ ከሆነ እፎይታው ትልቅ ነገር ነው። ወለዱ ግን አያርፍም። በ18 ከመቶ ሦስቱ ወራት 5 ሺህ 400 ብር ያስወልዳሉ። ይህ ያልተከፈለ ወለድ ዋናው ላይ ተደምሮ መልሶ ይወልዳል ወይስ ለብቻው ተቀምጦ ይጠብቃል? ድርብ ወለድ ወደ አንቺ ብድር የሚገባበት አንዱ በር ይህ ነው። በሦስት ወር ውስጥ ልዩነቱ 81 ብር ብቻ ስለሆነ አያሳስብም። ሁለተኛው በር ግን ክፍያ ማሳለፍ ነው። ዘግይተሽ ያልከፈልሽው ወለድ እየተደመረ ከሄደና ቅጣትም ከታከለበት፣ የአክስቴን ልጅ ያገኘው ዓይነት ይመጣል። የቅጣቱን አንቀጽ ከመፈረምሽ በፊት አንብቢው።

ገበያው ቀንቶሽ ብድሩን በስድስተኛው ወር ልዝጋው ብትዪስ? በቀሪ ዕዳ ከሆነ እስከዚያ የከፈልሽው ወለድ 8 ሺህ 550 ነው፣ ከዚያ በኋላ ዕዳ ስለሌለ ወለድም የለም። በፍላት ከሆነ የቀሪውን ስድስት ወር ወለድ ይሰርዙልሻል ወይስ 18 ሺሁን ሙሉ ይጠይቁሻል? ይህ በውሉ ላይ ካልተጻፈ በቃል የሚሰጥሽን ተስፋ አትመኚው። ሁለቱም ቦታ አስቀድሞ ለመክፈል የሚጠየቅ ተጨማሪ ክፍያ ካለም አብረሽ ጠይቂ።

በእምነትሽ ወለድ የማትነኪ ከሆንሽ (ጅማ ላይ ብዙ ሰው እንደዚያ ነው)፣ ከወለድ ነፃ አገልግሎት የሚሰጡ ባንኮችንም አነጋግሪ። በሙራባሃ ባንኩ ራሱ ማሽኑን ገዝቶ፣ ትርፉን ጨምሮ በክፍያ ይሸጥልሻል። የሽያጩ ዋጋ ገና ሲጀመር ስለሚቆረጥ ፍላት ነው ዲክላይኒንግ የሚል ክርክር የለም። ግን የመጨረሻውን ዋጋና የወሩን ብዛት ይዘሽ ከላይ ካሉት ድምሮች ጋር አወዳድሪው።

አሁን ወደ እናትሽ ብር ልምጣ። 7 ከመቶው የዓመት ነው። ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 ከመቶ ያሳደገው በጥቅምት 2010 ነው። መጠኑን አልነገርሽኝምና 50 ሺህ ልበለው። በነጠላ ስሌት ለሦስት ዓመት 10 ሺህ 500 ብር ይወልዳል። ወለዱ በየዓመቱ እየተደመረ ከሆነ 11 ሺህ 252፣ በየወሩ እየተደመረ ከሆነ 11 ሺህ 646። ከሁሉም ላይ ግብር ይቀነሳል። ቁጠባ ላይ ድርብ መሆኑ ላንቺ ይጠቅማል፣ ግን እንደምታዪው በሦስት ዓመት ያመጣው ልዩነት ወደ 1 ሺህ 100 ብር ነው። ለልጅ ተብሎ ለሃያ ዓመት የሚቀመጥ ቢሆን ኖሮ ስለዚህ ብዙ እጽፍልሽ ነበር።

ከዚያ ይልቅ ገንዘቡን እያወጣሽ የምታስገቢ ከሆነ ሌላ ነገር ጠይቂ። አንዳንድ ቦታ ወለዱ የሚታሰበው በወሩ ውስጥ በነበረው ዝቅተኛ ሒሳብ ላይ ነው። ሐሙስ ገበያ ቡና ልትገዢ 40 ሺህ አውጥተሽ ሰኞ ብትመልሺው፣ የዚያ ወር ወለድ በ10 ሺህ ብቻ ይሰላል። ከ292 ብር ወደ 58 ብር ወረደ ማለት ነው። የዕለት ሒሳብ የሚቆጥር ባንክ ግን የሚቀንስብሽ የነዚያን ቀናት ብቻ ነው።

ቁጠባውን አውጥተሽ ብድሩን ብታሳንሺ ያዋጣል ወይ? በቁጥር ብቻ ካየነው አዎ። 40 ሺህ ብታወጪና 80 ሺህ ብቻ ብትበደሪ፣ በ18ቱ ዲክላይኒንግ ወለዱ ከ11 ሺህ 700 ወደ 7 ሺህ 800 ይወርዳል። 3 ሺህ 900 ብር ተረፈሽ። በሌላ በኩል 40 ሺሁ ባንክ ቢቆይ በዓመት 2 ሺህ 800 ብር ያመጣ ነበር፣ ግብሩ ሳይነሳ። ስለዚህ ቢያንስ 1 ሺህ 100 ብር ታተርፊያለሽ። ከወርኃዊ ክፍያው የሚቀልልሽን 3 ሺህ ምናምን ብር በየወሩ መልሰሽ ካስቀመጥሽው ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ልታገኚ የምትችዪው ፍላቱን ብቻ ከሆነ ቁጠባውን ለማውጣት የተሻለ ምክንያት አለሽ፤ እዚያ የሚተርፍሽ ወለድ 6 ሺህ ብር ነው።

ግን «ለእናቴ ብዬ» ነው ያልሽው። ያ ብር ለመድኃኒትና ለድንገተኛ ሕክምና ከሆነ እኔ አልነካውም። በ1 ሺህ 100 ብር ትርፍ ብለሽ አውጥተሽው፣ እናትሽ አንድ ሌሊት ሐኪም ቤት ቢያድሩና አንቺ በመቶ አስር ብትበደሪ፣ ያተረፍሽው በአንድ ወር ያልቃል። እሳቸው ጡረታ ወይም ሌላ ገቢ ካላቸውና ይህ ብር ሌላ ሥራ ከሌለው፣ ግማሹን አውጪ፣ ግማሹን ተዪው። ያንቺን ቤት የምታውቂው አንቺ ነሽ።

ስለዚህ ረቡዕ ጠዋት ሁለቱም ጋ ሂጂ። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ነገር ንገሪያቸው፦ ያው የብር መጠን፣ ያው የወር ብዛት። አንዱን ጋ 100 ሺህ በ12 ወር፣ ሌላውን ጋ 120 ሺህ በ18 ወር ብለሽ ከጠየቅሽ ወረቀቶቹ አይወዳደሩም። ሠንጠረዦቹን ተቀበዪ፣ የወለዱን ዓምድ ደምሪ፣ የሚቆረጠውን ጨምሪበት። ካልገባሽ ሁለቱንም ወረቀት ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ። ስምሽንና የሒሳብ ቁጥርሽን በጣትሽ ሸፍኚው፤ የመጨረሻው ወር መስመር ግን ይታይ፣ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ማታውኑ ሠርቼ እመልስልሻለሁ።